ሃያ አራት የሥራ ሐሳብ፣ አንድ ቁጠባ

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ እንዲመች በጥቂቱ ታርሞ የቀረበ)



አዘጋጅ ኮሚቴው ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ስለሰጠኝ አመሰግናለሁ። ይህ ሰዓት ለተናጋሪ የሚያስቸግር መሆኑን እዚህ ስንማር ሁላችንም በሌላኛው ወገን ተቀምጠን አይተነዋል። ስለዚህ ነገሬን በአንድ ምሳሌ ዙሪያ አድርጌ ነው የመጣሁት።

የእኔ ሥራ፣ ንግድ ለመጀመር ከሚያስቡ ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ ዕቅዳቸውን መመርመር ነው። ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ እንደ እኛ ያሉ ናቸው። ዲግሪ አላቸው፣ ደመወዝተኛ ናቸው፣ ጥቂት ቆጥበዋል ወይም ዕቁብ ደርሷቸዋል። «ምን ሥራ ልጀምር?» ይላሉ እንጂ ሐሳብ አጥተው አይደለም የሚመጡት። የሚቸግራቸው የሐሳቡ ብዛት ነው። ሐሳብ ሲበዛ ሰው ወይ አንዱንም ሳይጀምር ዓመታት ያልፉበታል፣ ወይ ሦስቱን ባንድ ጊዜ ይጀምራል። የአንድ ዕቁብ ብር ለሦስት ሥራ ሲከፈል ደግሞ ሦስቱም መንገድ ላይ ይቀራሉ።

ለዚህ የሚታወቀው መፍትሔ ሠንጠረዥ ነው። ሐሳቦቹን ወደታች ትጽፋላችሁ፤ ወደጎን ጊዜ፣ ገንዘብ፣ ችሎታና ፍላጎት ብላችሁ አራት ዓምድ ትከፍላላችሁ፤ ነጥብ ሰጥታችሁ ትደምራላችሁ፤ ከላይ የወጡትን ትይዛላችሁ። ይህን ለማወቅ እኔን መጥራት አያስፈልግም። ነገር ግን ካየኋቸው ሠንጠረዦች አብዛኞቹ ለባለቤታቸው የነገሩት አስቀድሞ መስማት የፈለገውን ነው። ዛሬ የማሳያችሁ ሠንጠረዡ የት ላይ እንደሚዋሽና እውነት እንዲናገር ምን እንደሚደረግ ነው።

ምሳሌዬ ከእኛው የቀድሞ ተማሪዎች አንዷ ናት። ስሟን እንዳልጠራ ነግራኝ ነው የፈቀደችልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት የግዥ ክፍል ትሠራለች። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት። ከባለቤቷ ጋር የቆጠቡት 400,000 ብር ነው። ከቢሮና ከልጆች የሚተርፋት ጊዜ ሲቆጠር በሳምንት 12 ሰዓት ሆነ፤ ቅዳሜ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላና ሁለት ምሽት። በደብተሯ ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ የጻፈቻቸው 24 የሥራ ሐሳቦች አሉ።

ወደ እኔ ስትመጣ ሠንጠረዡን ሠርታ ነበር። እያንዳንዱ ዓምድ ከ10 ተይዞ ድምሩ ከ40 ነው። አንደኛ የወጣው የዶሮ እርባታ ነው፤ 35 አግኝቷል። አሥረኛው 32፣ የመጨረሻው ደግሞ 26 አግኝቷል። እስቲ ይህን ልብ በሉት። ከአንደኛው እስከ አሥረኛው ያለው ልዩነት ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። ይህ ማለት ሠንጠረዡ አልመረጠም ማለት ነው። በዚያ ቀን ቡናዋን ሳትጠጣ ነጥብ ብትሰጥ ኖሮ አሥረኛው አንደኛ ይሆን ነበር። ነጥቦቹ እንዲህ ተጨናንቀው ስታዩ ድምሩን አትመኑት። ወደኋላ ተመለሱና የነጥብ አሰጣጡን መርምሩ።

እኛም ተመለስን።

መጀመሪያ ያየነው ሐሳቦቹ የተጻፉበትን መንገድ ነው። ከ24ቱ መካከል «ግብርና» የሚል አለ። «ኢምፖርት ኤክስፖርት» የሚል አለ። «የምግብ ሥራ» የሚል አለ። እነዚህ የሥራ ዘርፍ ስሞች እንጂ ሥራዎች አይደሉም። ግብርና ስንት ሰዓት ይወስዳል ተብሎ ማን ሊመልስ ይችላል? ስለዚህ እያንዳንዱ ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍ አደረግን። ምን፣ ለማን፣ የት፣ በምን ያህል መጠን። «ዶሮ እርባታ» የነበረው «በእናቴ ግቢ 200 የእንቁላል ዶሮ አርብቼ እንቁላሉን ለሰፈር ሱቆች መሸጥ» ሆነ። «የምግብ ሥራ» ለሦስት ተከፈለ፤ ለካፌዎች እንጀራ ማቅረብ፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቶ ለቤተሰቦች መሸጥ፣ ሻይ ቡና መክፈት። አምስት ሐሳቦች እንዲህ ለመጻፍ እንቢ አሉ፤ ወጡ። ሁለቱ የሌላ ሐሳብ ድግግሞሽ ሆነው ተገኙ። የቀረው 19 ነው።

ቀጥሎ ወደ ነጥቦቹ ትርጉም ሄድን። «ገንዘብ ላይ ለዚህ 7 ሰጥተሻል፤ 7 ማለት ስንት ብር ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። እዚህ ያላችሁ መምህራን ይህን ከሁሉ በላይ ታውቁታላችሁ። የፈተና ወረቀት ከማረሙ በፊት የመልስ መስጫው ካልተዘጋጀ፣ የመጀመሪያው ተማሪና የመቶኛው ተማሪ የሚታረሙት በተለያየ ሚዛን ነው። የሥራ ሐሳብም እንደዚያው ነው። ከ10 የነበረውን ወደ 5 አወረድነውና፣ ነጥብ ከመሰጠቱ በፊት እያንዳንዱ ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ በራሷ ሰዓትና በራሷ ብር ጻፍነው።

በገንዘብ እንጀምር። ብዙ ሰው ገንዘብን የሚለካው «ለመጀመር ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ይህ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «ነገ ብዘጋው ስንቱ ይመለሳል?» የሚለው ነው። ድንኳንና ወንበር ገዝቶ ለሠርግ ማከራየት ብዙ ብር ይጠይቃል፤ ነገር ግን ሥራው ባይሆን ወንበሩ ይሸጣል። በኪራይ ቤት ውስጥ ለሻይ ቡና ተብሎ የተሠራ ሴራሚክና ቀለም ግን ለአከራዩ ይቀራል። ስለዚህ ነጥቡ የሚሰጠው ሥራው ቢዘጋ በማይመለሰው ብር ልክ ነው። ባልና ሚስቱ ተማክረው «ቢጠፋ ቤታችን አይናጋም» ያሉት መጠን 150,000 ብር ነበር። እሱን የ3 ነጥብ ጣሪያ አደረግነው። የማይመለሰው ከ30,000 ብር በታች ከሆነ 5፣ እስከ 75,000 ከሆነ 4፣ እስከ 150,000 ከሆነ 3፣ እስከ 250,000 ከሆነ 2፣ ከዚያ ካለፈ 1።

ጊዜም እንዲሁ ነው። ያላት 12 ሰዓት ስለሆነ፣ እስከ 12 የሚጠይቅ ሥራ 3 ያገኛል። እስከ 9 የሚጠይቅ 4፣ እስከ 6 የሚጠይቅ 5፣ እስከ 18 የሚጠይቅ 2 ያገኛል። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ 1 ነው። ነገር ግን ስንት ሰዓት የሚለው ብቻ አይበቃም፤ የትኛው ሰዓት የሚለውም አለ። በቢሮ ሰዓት ወይም በየቀኑ ማለዳ ካልሆነ የማይሠራ ነገር፣ የሰዓቱ ብዛት ትንሽ ቢሆንም፣ 1 ነው።

እዚህ ላይ ባለቤቷም ለብቻው ነጥብ እንዲሰጥ አደረግን። የሁለቱ ነጥብ በሁለትና ከዚያ በላይ የተለያየበትን ቦታ ብቻ አነጋገርናቸው። ለካፌ እንጀራ ማቅረብ የሚለው ላይ እሷ ለጊዜ 3 ስትሰጥ፣ እሱ 1 ሰጥቶ ነበር። ለምን? እሷ የቆጠረችው መጋገሪያውን ሰዓት ነው። እሱ የቆጠረው ማድረሻውን ነው። እንጀራ ካፌ የሚደርሰው በየቀኑ ገና በጠዋት ነው፤ የሚያደርሰውም እሱ ነው! አማካይ ወስደን 2 ብንለው ኖሮ ይህ ወሬ ይጠፋ ነበር። የሁለት ሰው ነጥብ ሲለያይ አማካይ አትውሰዱ፤ ምን አይቶ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ችሎታ ላይ «እችለዋለሁ» የሚለው መልስ አልተፈቀደም። ማስረጃ ነው የሚቆጠረው። ሰው ከፍሎሽ ሠርተሽው ከሆነ 5። ለቤትሽ ወይም ለመሥሪያ ቤትሽ ደጋግመሽ ሠርተሽው ከሆነ 4። አንቺ ባትሠሪውም የሚያውቅ የቅርብ ሰው ኖሮሽ ላስተምርሽ ካለ 3። ሥልጠና መግባት ካለብሽ 2። የሚያውቀውን ሰው እንኳ የማታውቂ ከሆነ 1።

ፍላጎት ከአራቱ ሁሉ አታላዩ ዓምድ ነው፤ ሰው የሚወደው የሥራውን ሥዕል ነውና። በርበሬ ሲባል የሚታየን የድልሁ ሽታ ነው። የየቀኑ ሥራ ግን ቀንጥቦ፣ የተበላሸውን ለይቶ፣ አስጥቶ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ፍላጎት የሚለካው በሥራው አሰልቺ ክፍል ላይ ነው። አሰልቺውን ክፍል ባለፈው ዓመት ማንም ሳያስገድድሽ ደጋግመሽ ሠርተሽዋል? 5። አንድ ሁለት ጊዜ? 4። ባትሠሪውም አያስጠላሽም? 3። ነገ ዛሬ እያልሽ የምታቆዪው ነው? 2። ሌላ ሰው ቢሠራልኝ የምትዪው ነው? 1።

ትርጉሙ ከተጻፈ በኋላ ነጥብ አሰጣጡ ራሱ ሥርዓት አለው። የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ የሞላችው በረድፍ ነበር። ዶሮን ይዛ አራቱን ዓምድ ጨርሳ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ዶሮ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደው ነገር ነው። ፍላጎት ላይ 10 ሰጠች፤ የዚያ 10 ሙቀት ወደ ጎረቤቶቹ ተዛመተ። ጊዜ 8፣ ገንዘብ 9፣ ችሎታ 8 ሆኑ። ይህ የእሷ ብቻ ጠባይ አይደለም። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1920 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት፣ የጦር መኮንኖች በሥራቸው ላሉት ሰዎች ነጥብ ሲሰጡ የአካል ብቃቱም፣ አእምሮውም፣ መሪነቱም፣ ጠባዩም ከሚጠበቀው በላይ አንድ ላይ ሲወጣና ሲወርድ አይቷል። ሰውየውን በጠቅላላው ከወደዱት ሁሉ ነገሩ ከፍ ይላል።

መድኃኒቱ ጥሩ አራሚዎች የሚያደርጉት ነው። የሁሉንም ተማሪ አንደኛ ጥያቄ አርመው ከጨረሱ በኋላ ወደ ሁለተኛው ይሄዳሉ። እኛም በዓምድ ሄድን። ለ19ኙም ሐሳብ ጊዜን ብቻ ሞላች፤ ሌላው በወረቀት ተሸፈነ። በማግሥቱ ገንዘብን፣ በሦስተኛው ቀን ችሎታን፣ መጨረሻ ላይ ፍላጎትን። ፍላጎት መጨረሻ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ከቀደመ ሌላውን ያሞቃል።

አሁን ዶሮዎቹ ምን አገኙ? ጊዜ ላይ፣ መኖና ውኃ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ነው፤ ዶሮ እሑድን አታውቅም። 1 ነጥብ። ገንዘብ ላይ፣ የአንድ ቀን ጫጩት ተገዝታ እንቁላል መጣል የምትጀምረው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ከበላች በኋላ ነው። መጣል ስትጀምር አንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች፤ 200 ዶሮ ማለት በየቀኑ ወደ 23 ኪሎ መኖ ነው። ሥራው ቢዘጋ የተበላ መኖ አይመለስም። በዚያ ላይ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ዶሮዋ ግን ጾም ነው ብላ መጣሏንም መብላቷንም አታቆምም። 2 ነጥብ። ችሎታ ላይ፣ እናቷ ያስተምሯታል፤ 3። ፍላጎት 5። ድምር 11። ከ35 ጋር አንደኛ የነበረው ሐሳብ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ መደመሩ ራሱ ነው። መደመር አንድ የተደበቀ እምነት አለው፤ የአንዱ ዓምድ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሞላል ይላል። እውን ይሞላል? ዶሮን አምስት ነጥብ ያህል መውደድ በሳምንት ላይ አንድ ሰዓት አይጨምርም። ስለዚህ ከመደመሩ በፊት ወንፊት አኖርን። በየትኛውም ዓምድ 1 ያገኘ ሐሳብ ድምሩ ሳይታይ ይወጣል። የወንፊቱ ጥቅም እዚሁ ይታያል። የሠርግ ዕቃ ኪራይም ድምሩ 11 ነበር፤ ነገር ግን ነጥቦቹ 3፣ 3፣ 3 እና 2 ናቸው። የሚሠራ፣ ብዙም የማያጓጓ ሥራ ነው። የዶሮው 11 ግን 1፣ 2፣ 3 እና 5 ነው። የሚያጓጓ፣ የማይሠራ ሥራ ነው። በድምር አንድ ናቸው፤ በኑሮ ግን ፍጹም አይገናኙም።

ከ19ኙ 14ቱ በወንፊቱ ወደቁ። ከእነሱም ዘጠኙ የወደቁት በጊዜ ነው። በብር አለመሆኑ እሷንም አስገርሟታል። ለደመወዝተኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያልቀው ሰዓቱ ነው። የቀሩት አምስቱ እነዚህ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ጊዜ፣ ገንዘብ፣ ችሎታ፣ ፍላጎት ነው።

ለቢሮ ሠራተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ የኤክሴል ሥልጠና፦ 4፣ 5፣ 4፣ 3፤ ድምር 16
በርበሬና ሽሮ ለቤተሰቦች፦ 3፣ 4፣ 4፣ 4፤ ድምር 15
የጽሕፈትና የጽዳት ዕቃ ለትንንሽ ቢሮዎች ማቅረብ፦ 3፣ 3፣ 5፣ 3፤ ድምር 14
እንጉዳይ ማምረት፦ 3፣ 4፣ 2፣ 4፤ ድምር 13
የሠርግ ዕቃ ኪራይ፦ 3፣ 3፣ 3፣ 2፤ ድምር 11

እዚህ ሲደረስ ሁልጊዜ የሚነሳ ክርክር አለ። «አራቱ ዓምዶች እኩል ናቸው ወይ? ገንዘብ አይበልጥም?» ጥያቄው አዲስ አይደለም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1772 (እ.ኤ.አ.) ለወዳጁ ለጆሴፍ ፕሪስትሊ በጻፈው ደብዳቤ፣ ለውሳኔ ሲቸገር ወረቀት ለሁለት ከፍሎ ደጋፊና ተቃዋሚ ምክንያቶችን እንደሚጽፍ፣ ከዚያም ክብደታቸው እኩል የሆኑትን ከሁለቱም ወገን እየሰረዘ እንደሚሄድ ነግሮታል። ክብደት ለመገመት ቀናት ይወስድ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1979 (እ.ኤ.አ.)፣ ሮቢን ዶውስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያሳየው ነገር ድካማችንን ያቀለዋል። ትክክለኞቹ መለኪያዎች ከተመረጡ፣ ለሁሉም እኩል ክብደት ሰጥቶ መደመር ከባለሙያ ግምት የተሻለ፣ በጥንቃቄ ከተሰላ ክብደትም ብዙ ያልራቀ ውጤት ይሰጣል። ዋናው ምን ይለካ የሚለው ነው።

እኛ ክብደቱን ከመከራከር ይልቅ ሠንጠረዡን ነቀነቅነው። በየተራ የአንዱን ዓምድ ነጥብ እጥፍ አድርጎ እንደገና መደመር ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጊዜ እጥፍ ሲሆን ሥልጠናው 20፣ በርበሬው 18፣ የቢሮ ዕቃው 17 ሆነ። ችሎታ እጥፍ ሲሆን ሥልጠናው 20፣ በርበሬውና የቢሮ ዕቃው እኩል 19። ፍላጎት እጥፍ ሲሆን ሥልጠናውና በርበሬው እኩል 19፣ የቢሮ ዕቃውና እንጉዳዩ እኩል 17። ገንዘብ እጥፍ ሲሆንም ሁለቱ ከላይ ናቸው፤ የቢሮ ዕቃውና እንጉዳዩ እንደገና እኩል 17 ይሆናሉ። ከዚህ የምናነበው ቀላል ነው። ሥልጠናውና በርበሬው በየትኛውም ሚዛን ከላይ ናቸው። የቢሮ ዕቃውን እንጉዳዩ አንዳንዴ ይደርስበታል፣ ግን አይቀድመውም። የሠርግ ዕቃው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። ስለዚህ «ገንዘብ ይበልጣል ወይስ ፍላጎት?» የሚለውን ክርክር መጨረስ አላስፈለገንም። የእናንተ ሠንጠረዥ ሲነቀነቅ አንደኛው በየጊዜው የሚቀያየር ከሆነ ደግሞ እኩል ናቸው ማለት ነው፤ የአንድ ነጥብ ብልጫን እንደ ድል አትቁጠሩት።

ሦስቱን ያዘች። ሥራ ጀመረች ማለት ግን አይደለም። ምክንያቱም ሠንጠረዡ አንድ ትልቅ ነገር አያይም። አራቱ ዓምዶች የሚለኩት እሷን ነው። ጊዜዋን፣ ገንዘቧን፣ ችሎታዋን፣ ፍላጎቷን። ገዢ መኖሩን የሚለካ ዓምድ የለም። «ገበያ» የሚል አምስተኛ ዓምድ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ቤት ቁጭ ተብሎ የሚሰጥ የገበያ ነጥብ ምኞት ነው። ገበያ የሚለካው በመሸጥ ነው።

ስለዚህ ለሦስቱም ትንሽ ሙከራ አዘጋጀን፤ ለእያንዳንዱም ከመጀመሩ በፊት የማቆሚያ ምልክት ጻፍን። ለሥልጠናው ስድስት ወንበር፣ አራት ቅዳሜ፣ ክፍያ በቅድሚያ። አራት ሰው ቀድሞ ካልከፈለ ይቆማል። ለበርበሬው 20 ኪሎ አዘጋጅታ ለ15 ቤተሰቦች ትሸጣለች። በሁለት ወር ውስጥ ቢያንስ ስድስቱ ደግመው ካላዘዙ ይቆማል። «ጥሩ ነው» የሚለው ምስጋና አይቆጠርም፤ ዘመድ ሁሉ ጥሩ ነው ይላል። ሁለተኛው ትእዛዝ ነው የሚቆጠረው። ለቢሮ ዕቃው ለሦስት ቢሮዎች ዋጋ ታቀርባለች፤ ከራሷ መሥሪያ ቤት በስተቀር። ዕቃ ወስዶ በ15 ቀን ውስጥ የሚከፍል አንድ እንኳ ካልተገኘ ይቆማል።

የሆነውን ልንገራችሁ። ለሥልጠናው አምስት ሰው ቀድሞ ከፈለ። ሁለተኛው ዙር ስድስቱም ወንበር ሞላ።

የቢሮ ዕቃው ላይ ሦስቱም ቢሮዎች ዋጋዋን ወደዱት። ሦስቱም ግን የሚከፍሉት ከ45 ቀን በኋላ መሆኑን ነገሯት። ብሩ አይጠፋም፣ ግን ታስሮ ይቆያል፤ አዲስ ትእዛዝ ሲመጣም ሌላ ብር ማውጣት ሊኖርባት ነው። የገንዘብ ነጥቡ ከ3 ወደ 2 ወረደ። የማቆሚያ ምልክቱም ስለደረሰ ሐሳቡ ወደ መሳቢያ ተመለሰ። ልብ በሉ፣ ችሎታ ላይ 5 ያገኘ ብቸኛ ሥራ ይህ ነበር። ሥራውን ጠንቅቆ ማወቅ የደንበኛን የአከፋፈል ልማድ አይለውጥም።

በርበሬው ከ15ቱ ዘጠኙ ደግመው አዘዙ። ገዢ አለ። ነገር ግን ሰዓቷን እየመዘገበች ስለነበር ሌላ ነገር ታየ። 10 ወይም 12 ይሆናል ያለችው በተግባር በሳምንት 16 ሰዓት ሆነ። የሚበላው ጊዜ ቅንጠባውና ለቀማው ነው። በጻፍነው ትርጉም መሠረት ጊዜ ከ3 ወደ 2፣ ድምሩም ከ15 ወደ 14 ወረደ። ሐሳቡን ከመጣሏ በፊት አንድ ነገር ቀየረች። ለቅንጠባና ለለቀማ የሰፈሯን አንዲት ሴት በቀን ክፍያ ቀጠረች። የእሷ ሰዓት ወደ 10 ተመለሰ፤ ግን የኪሎው ወጪ ጨመረ። ስለዚህ ለዘጠኙ ቤተሰቦች በአዲሱ ዋጋ አቀረበችላቸው፤ ሰባቱ ገዙ። ከማቆሚያው ምልክት በላይ ነው። ነጥብ የሚቀየረው እንዲህ ተለክቶ ሲሆን ነው፤ ስላሳዘነን ብቻ የምንጨምርለት ከሆነ ሠንጠረዡን ባንሠራው ይሻላል።

በመጨረሻ የያዘቻቸው ሁለቱ፣ ሥልጠናውና በርበሬው፣ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ሌላም ምክንያት አላቸው። ሠንጠረዡ እያንዳንዱን ሐሳብ ለብቻው ነው የሚያየው፤ ሁለት ሥራ ስትይዙ ግን ሰዓታቸው ይገጫጫል ወይ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አዲሱ በርበሬ ገበያ በብዛት የሚወጣው በኅዳርና በጥር መካከል ነው፤ ማስጣትም ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከባዱ ሥራ በበጋ ነው። ሥልጠናውን ወደ ክረምት ማዘንበል ይቻላል። 12ቱ ሰዓት ለሁለቱ የሚበቃው በየወቅቱ ስለሚፈራረቁ ነው። ሁለቱም በኅዳር የሚጨናነቁ ቢሆኑ ኖሮ አንዱን ብቻ ያዢ እላት ነበር።

ስለወደቁት ሐሳቦች አንድ ቃል ልጨምር። አልተጣሉም። ከእያንዳንዱ አጠገብ የወደቀበት ምክንያት ተጽፏል። ከዶሮው አጠገብ «ጊዜ 1፤ ጠዋትና ማታ የሚመግብ ሰው የለም» ይላል። እናቷ ግቢ ውስጥ የሚኖርና ሥራውን የሚይዝ ሰው ቢገኝ፣ የሚለወጠው አንድ ነጥብ ነው፤ ሐሳቡም እንደገና ይታያል። ምክንያቱ ሳይጻፍ የተተወ ሐሳብ ግን በየዓመቱ አዲስ እየመሰለ ይመለሳል፤ እንደገናም አንድ ወር ይበላል።

እንግዲህ ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ደብተር ያለው ሰው ካለ፣ ሥራው የአንድ ሳምንት ምሽት ነው። በመጀመሪያው ምሽት ሐሳቦቹን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጉና ከባለቤታችሁ ጋር የነጥቡን ትርጉም ጻፉ። በሚቀጥሉት አራት ምሽቶች በየዓምዱ ሂዱ፤ ፍላጎት መጨረሻ ይሁን። በስድስተኛው ምሽት ወንፊቱን ተጠቀሙ፣ ደምሩ፣ ነቅንቁ። ከዚያ ከሦስት ያልበለጠ ይዛችሁ፣ የማቆሚያውን ምልክት ጽፋችሁ፣ ወደ ገዢው ሂዱ። ባዶ ሠንጠረዥ በጥቂት ቅጂ ይዤ መጥቻለሁ፤ ሻይ ስትወጡ በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ጥያቄ ያለው ሰው እዚያው ያገኘኛል።